ለስላሳ በአይሱዙ ስትጭኑ ጠርሙሱንም መዝኑ

የመጋዘን ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የሳጥን ብዛትና ሊትር ነው። ክብደቱን ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ «ያው ሊትሩ ኪሎ አይደል?» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ መኪናውን የሚያጎብጠው ይህ ሂሳብ ነውና።

ባለ 300 ሚሊ ሊትር 24 ጠርሙስ የሚይዝ ሳጥን ውስጥ 7.2 ሊትር አለ። ስኳር ስላለበት ከውሃ ትንሽ ይከብዳል፣ 7.5 ኪሎ ያህል። ሙሉውን ሳጥን ባስኩላ ላይ ሳወጣው ግን 17.6 ኪሎ ነው። ባዶ ጠርሙሱ እያንዳንዱ 350 ግራም፣ በ24 ሲባዛ 8.4 ኪሎ፤ ፕላስቲኩ ሳጥን ደግሞ 1.7። ማሸጊያው ከሚጠጣው ይበልጣል። ስለዚህ 300 ሳጥን በሊትር ሲታሰብ 22 ኩንታል ይመስላል፣ እውነቱ ግን 53 ኩንታል ነው።

አንድ ሳጥን መዝኖ ማባዛት አይበቃም። አሮጌው ጠርሙስ ከአዲሱ ይወፍራል፣ የታጠበ ሳጥንም ውሃ ይይዛል። ከተለያየ ድርድር 10 ሳጥን አውጥቼ አንድ ላይ እመዝንና ለ10 አካፍላለሁ፤ ቁጥሩንም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላጠጋጋም።

ሁለተኛው ጣጣ የመኪናው ልክ ነው። «ሊብሬው 35 ኩንታል ይላል፣ አበቃ» ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ካሶኒው ኋላ ላይ ከተሠራ ወይም በወፍራም ላሜራ ከተጠገነ የጨመረው ብረት የሚቀነሰው ከጭነቱ ነው። የሚሻለው አምራቹ በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ጠቅላላ የክብደት ጣሪያ መያዝ ነው። ከዚያ መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ፣ ሾፌሩንና ረዳቶቹን አስቀምጦ፣ ሸራው፣ ገመዱና ትርፍ ጎማው እንዳለ የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት። ሸራው ከሌለ ሚዛኑ አይጠቅምም።

ለምሳሌ ጣሪያው 7,500 ኪሎ ሆኖ ባዶው 4,120 ቢመዝን የሚቀረው 3,380 ነው። ለ17.6 ሲካፈል 192 ሳጥን፤ ካሶኒው ላይ 300 የሚሆን ቦታ ቢተርፍም እዚያው ማቆም ነው። ድርድሩ ወደ ኋላ ብቻ ካዘነበለ ደግሞ ጠቅላላው ልክ ሆኖ ሳለ የኋላ አክስሉ ከአቅሙ ያልፋል። ባሌስትራው ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ታች ታጥፎ ከታየ፣ ጫኚዎቹ ምንም ቢሉ፣ ከኋላ መቀነስ ነው።

ሲመለስ «ባዶ ነው» ይሉና ከጠርሙሱ ላይ 30 ኩንታል እህል ይጭናሉ። 192 ባዶ ሳጥን በ10.1 ሲባዛ 1,939 ኪሎ ነው። ከ3,380 ሲቀነስ ለእህሉ የሚቀረው 14 ኩንታል ብቻ ነው፣ ያውም ጆንያውን ጨምሮ።