ሁለት ወር አጥሚት ጠጥቼ ኤልዲኤሌ ንቅንቅ አላለም

የደም ምርመራዬ ላይ ኤልዲኤል፣ ያ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 158 ወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አደረገና «መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ፋይበር አብዛ» አለኝ። ከየትኛው? ስንት? አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው።

ጠዋት ጠዋት የአጃ አጥሚት ጀመርኩ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትልቅ ኩባያ ውሃ፣ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ። ዳቦዬንም ፉርሽካ ባለው የስንዴ ዳቦ ቀየርኩ። ከሁለት ወር በኋላ በራሴ ገንዘብ ተመረመርኩ። 157።

ተናድጄ ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ። አጃና ገብስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ ፋይበር ነው። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይወፍርና የሐሞት አሲዱን ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። ለዚህ በቀን 3 ግራም ያስፈልጋል። የእኔ ሁለት ማንኪያ ዱቄት 15 ግራም ቢሆን ነው፤ ቤታ ግሉካኑ ግማሽ ግራም ገደማ። ከሚፈለገው አንድ ስድስተኛ! የስንዴ ፉርሽካ ደግሞ ሆድ ያለዝባል እንጂ ኤልዲኤል አይነካም። ቅቤውማ ይባስ ብሎ ወደ ላይ ይጎትት ነበር፤ አንዷ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 7 ግራም ያህል የረጋ ስብ አለባት።

ሚዛን ገዛሁ። ጠዋት 40 ግራም ደረቅ አጃ፣ ወፈር ያለ ገንፎ፣ በዘይት። ማታ 40 ግራም የገብስ ቂንጬ ወይም በሶ። የተሸከሸከ ገብስም ይሆናል፤ ቤታ ግሉካኑ ያለው ገለባው ላይ ሳይሆን ፍሬው ውስጥ ነው። ምሳ ላይ 130 ግራም የበሰለ ምስር ወይም ባቄላ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ማለት ነው። ቀጭን ሽሮ አልቆጥርም፤ አብዛኛው ውሃ ነው። የጾም ቀን ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ፈተናው ፍስክ ላይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ አንድ ሳምንት ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አፍሬ ነበር። ጥራጥሬውን በየሳምንቱ ጨመር አድርጉ፤ ውሃም ጠጡ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ 143 ሆነ። አጃና ገብሱ 5 በመቶ ገደማ፣ ጥራጥሬው ሌላ 5 በመቶ ቢያወርዱ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ ሰው በገንፎ ብቻ አይወጣውም፤ መድኃኒት የጀመረም ገንፎ ጀመርኩ ብሎ እንዳያቆም።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «ፋይበሩ ሠርቷል» አለኝ። ከ157 ወደ 143 ከወረደው 14 ስንቱ የአጃው፣ ስንቱ የተውኩት ቅቤ እንደሆነ ግን እሱም እኔም አናውቅም። ቅቤውን መልሼ ልሞክር አልኩት፤ ገላመጠኝ።