በዑደቴ መሃል የሚታየኝ ፈሳሽና ደም፦ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ እንዴት እንደለየሁ

የወር አበባዬ ከሄደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አንዳንዴ ትንሽ ደም ጠብ ይልብኛል። ሞዴስ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ሶፍት ላይ እንደ ክር የምትታይ ሮዝ ቀለም ናት። በማግስቱ ቡናማ ትሆንና ትጠፋለች። ልጅ ለመውለድ እየሞከርን በነበረበት ጊዜ ይቺ ደም ምን እንደምትነግረኝ ለማወቅ ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር መልሱን ያገኘሁት ከደሟ ሳይሆን ከእሷ ጋር ከሚመጣው ፈሳሽ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። የስልክ አፕሊኬሽንም ነበረኝ፤ ግን እሱ የሚያሰላው ያለፉትን ወራት አማካይ ይዞ ነው። የእኔ ዑደት ደግሞ ረዘም ይላል፤ ከ32 እስከ 35 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ሰውነቴ በዚያው ወር የሚያሳየኝን መጻፍ ያዝኩ። አንደኛ ቀን የምለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበትን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጠብ ጠብ የሚለውን አልቆጥረውም። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። ጳጉሜን ላይ ግን ቁጥሩ ይዛባል። ለዚህ ብዬ ከቀኑ አጠገብ የዑደቱን ቁጥርም እጽፋለሁ፦ 7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ እያልኩ።

አያያዙ ይህን ይመስላል። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር፣ ከመሽናቴ በፊት፣ በነጭ ሶፍት ከፊት ወደ ኋላ እጠርጋለሁ። ሶፍቱ ባለ ቀለም ከሆነ ቀላ ያለው ነገር አይታይም። ስጠርግ መጀመሪያ የማስተውለው ስሜቱን ነው፦ ደረቅ ነው? እርጥብ ነው? ወይስ ሶፍቱ ያንሸራትታል? ቀጥሎ ሶፍቱን አያለሁ። የተገኘ ፈሳሽ ካለ በሁለት ጣቶቼ መሃል ይዤ ቀስ ብዬ እለያቸዋለሁ። ቶሎ የሚበጠስ አለ፤ ሳይበጠስ የሚሳብም አለ። ጣት ወደ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ማታ ላይ በቀኑ ካየሁት ሁሉ ይበልጥ እርጥብ የሆነውን እጽፋለሁ። ጠዋት ደረቅ ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚያንሸራትት ከሆነ የዚያ ቀን ጽሑፍ «የሚያንሸራትት» ነው።

አንዱን ዑደት ላሳያችሁ። ደሙ በ5ኛው ቀን ቆመ። እስከ 11ኛው ቀን ደረቅ ነበር። ከ12ኛው ጀምሮ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ሲሳብ ወዲያው የሚበጠስ ፈሳሽ መጣ። 15ኛው ቀን ላይ ቀጠነ፤ ፓንቴም እርጥበት አለው። ከ17ኛው እስከ 20ኛው ቀን ጥርት ያለ፣ የሚያንሸራትት፣ በጣቶቼ መሃል ብዙ ርቀት የሚሳብ ሆነ። የእንቁላል ነጩን ክፍል አስቡት፤ በትክክል እሱን ይመስላል። በ19ኛው ቀን በዚያ ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ሮዝ ክር አየሁ። በ20ኛው ቡናማ ነበረች። በ21ኛው ቀን ፈሳሹ ወፍሮ አነሰ፤ ከዚያ ደረቀ። የሚቀጥለው የወር አበባዬ የመጣው 34ኛው ቀን ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ አያያዝ ትልቁ ምልክት የሚያንሸራትተው ፈሳሽ የታየበት የመጨረሻው ቀን ነው። በእኔ ገጽ ላይ እሱ 20ኛው ቀን ነው። እንቁላል ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በዚያ ቀን ወይም ከእሱ አንድ ሁለት ቀን ወዲህና ወዲያ ነው። ችግሩ ቀኑ የመጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው በማግስቱ፣ ፈሳሹ ሲለወጥ ብቻ መሆኑ ነው። ሂሳቡን ከኋላ ሆኜም አጣራሁት። ከእንቁላል መውጣት እስከሚቀጥለው የወር አበባ ያለው ጊዜ በአብዛኞቹ ሴቶች ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከ34 ላይ 20 ሲቀነስ 14 ይቀራል፤ ገጠመ። ስልኬ ግን በዚያ ወር እንቁላል የሚወጣበት ብሎ የያዘው 16ኛውን ቀን ነበር።

ፈሳሹ ለምን እንደሚለወጥ ሳውቅ ደብተሩን ማንበብ ቀለለኝ። እንቁላሉ ኦቫሪ ውስጥ ሲያድግ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። ኤስትሮጅን የማህፀን በር ላይ ያሉትን እጢዎች ውሃ የበዛበት፣ ቀጭን ፈሳሽ ያስመነጫቸዋል። የወንድ ዘር በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያልፋል፤ እስከ 5 ቀንም ሊቆይበት ይችላል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይመጣና ፈሳሹን አወፍሮ መንገዱን ይዘጋዋል።

ደሟስ? ብዙ ሰው እንቁላሉ ሲፈነዳ የሚደማ ይመስለዋል። ከብልት የሚታየው ደም ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከማህፀን ግድግዳ ነው። እንቁላል ሊወጣ ሲል ኤስትሮጅን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይላል። ግድግዳውን ደግፎ የያዘው እሱ ስለነበር ትንሽ ይደማል። ፕሮጄስትሮን ሲጨምር መልሶ ያረጋጋዋል። ለዚህ ነው ከአንድ ሁለት ቀን የማያልፈው። ይህ ደም የሚታያቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። እኔም በየዑደቱ አላየውም። ባልታየባቸው ወራት ፈሳሹ እንደተለመደው ይመጣል፣ የወር አበባዬም በጊዜው ይመጣል። ስለዚህ ደም ያላየች ሴት «እንቁላል አልወጣልኝም» ብላ መጨነቅ የለባትም።

ለመውለድ ለምትሞክር ሴት ደግሞ ደሟን መጠበቅ ጊዜ ያስመልጣል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። ፈሳሹ ግን ቀናት ቀድሞ ይናገራል። እኛ እርጥበቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስኪደርቅ ድረስ ቀን በቀን ወይም አንድ ቀን እየዘለልን ተገናኘን።

እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር በግልጽ መነጋገር ነበረብን። በብዙ ቤት ደም ከታየ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ባልና ሚስትም አይቀራረቡም። ደሟ ግን የምትመጣው ልክ እርጉዝ መሆን በሚቻልባቸው ቀናት ነው። ደም ባዩ ቁጥር «ወር አበባ ነው» ብለው የሚራራቁ ጥንዶች በየወሩ ዋናዎቹን ቀናት ያሳልፋሉ። ይህ የወር አበባ እንዳልሆነ ለባለቤቴ ደብተሩን ከፍቼ አሳየሁት። የእምነቱን ጥያቄ ደግሞ ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። ይህን ሳያነጋግሩ በልብ መያዝ አይጠቅምም።

ደብተሩ ክሊኒክም ላይ ጠቀመኝ። እንቁላል መውጣቱን ለማረጋገጥ የሚታዘዝ የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ አለ። በልማድ «የ21ኛው ቀን ምርመራ» ይባላል። ይህ ቁጥር የተሰራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ሲስተሯ ደብተሬን አገላብጣ አየችና «የኔ እህት፣ አንቺ በ21ኛው ቀን ብትመጪ እንቁላሉ ገና መውጣቱ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይታይና በከንቱ ትደነግጫለሽ» አለችኝ። ዶክተሯም ተስማማች። ምርመራው የወር አበባ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን 7 ቀን ቀድሞ ነው የሚሰራው። ለእኔ 27ኛው ቀን ሆነ፤ ውጤቱም እንቁላል መውጣቱን አሳየ። ዑደታችሁ ረዘም የሚል ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት የዑደታችሁን ርዝመት ንገሯቸው።

ፈሳሹም የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አንድ ወር ጉንፋን አጣደፈኝ። የሚያንሸራትተው ፈሳሽ መጣ፣ ደረቀ፣ ከቀናት በኋላ እንደገና መጣ። ሰውነት እንቁላል ለማውጣት ጀምሮ በህመም ወይም በጭንቀት ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ የምቆጥረው ከመጨረሻው ነው። የኦቫሪ ሆርሞን መዛባት፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው፣ ያለባቸው ሴቶች እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ እርጥበት እንቁላል ሳይወጣም ሊያዩ ይችላሉ። ለእነሱ የጠዋት የሰውነት ሙቀት መለካት ይረዳል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆያል። ከግንኙነት በኋላ በማግስቱ ጠዋት የሚወርደውን እርጥበትም ከዚህ ፈሳሽ ጋር አታምታቱት። የወንድ ዘር ሲሳብ ቶሎ ይበጠሳል፣ በቀኑ ውስጥም ያልቃል። እንቁላል ለማስወጣት የሚታዘዘው ክሎሚፊን ደግሞ በአንዳንድ ሴቶች ፈሳሹን ያሳንሳል። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ደረቅ ብትሆኑ እንቁላሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። መርፌ፣ ኢምፕላንት ወይም ፒልስ የምትጠቀም ሴት ግን በዚህ መንገድ ምንም ማንበብ አትችልም። እዚያ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው በመሃል የሚታይ ደም ሁሉ የእንቁላል አለመሆኑን ነው። የእንቁላሉ ደም ጥቂት ነው፣ ከሚያንሸራትተው ፈሳሽ ጋር ይመጣል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም የወር አበባ ይከተለዋል። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ሞዴስ የሚያስፈልገው፣ ከሁለት ሦስት ቀን የሚያልፍ ወይም በየትኛውም ቀን የሚመጣ ከሆነ መታየት አለበት። ኢንፌክሽን፣ የማህፀን በር ላይ የሚወጣ ሥጋ ወይም የማህፀን በር ካንሰር ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ከሸተተ፣ ካሳከከ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እሱም ህክምና ይፈልጋል። የወር አበባ ዘግይቶ ደም ጠብ ካለና በአንድ ጎን ሆድን የሚቆርጥ ህመም ካለ ደብተር የሚገለጥበት ጊዜ አይደለም። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው።

አሁን ልጃችንን እያጠባሁ ነው። የወር አበባዬ ገና አልተመለሰም። ደብተሩን ግን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ እንቁላል የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ሊወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ፈሳሹ ነው። ማጥባት ራሱ ግን እርጥበቱን ስለሚያዘበራርቀው፣ ቶሎ እንዳልደግም በደብተሩ ላይ ብቻ አልተማመንኩም፤ ለሚያጠቡ ሴቶች የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ ከጤና ጣቢያ ወስጃለሁ።