የወር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዋናውን ፓኔል አስከፍቱ

ድሬዳዋ ላይ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢው ከሙቀቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ኤሲው፣ ቬንትሌተሩ፣ ፍሪጁ ሁሉ አንድ ላይ ይበላሻል፤ ስልክ ማንሳት እስኪያቅት ድረስ ይደወላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። እኔም ከዚህ ለመውጣት ነው ከድርጅቶች ጋር በወር ክፍያ የጥገና ውል መያዝ የጀመርኩት። አሁን ኑሮዬን የምመራው በዚያው ነው፤ በዚህም እኮራለሁ። የመጀመሪያው ውል ግን ያስከፈለኝን ዋጋ ሌላ ሰው እንዲከፍል አልፈልግም።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የብቃት ፈተናውን ወሰድኩ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አወጣሁ፣ ንግድ ፈቃድ ያዝኩ፣ ደረሰኝ አሳተምኩ። ሰልፉ ያሰለቻል እንጂ አይከብድም። ደረሰኝ የሌለውን ሰው የትኛውም ደህና ድርጅት በወር ስለማይከፍለው ሊዘለል አይችልም።

ሥልጠና ላይ የሚነገረንን አንድ ምክር ግን አልቀበልም። «መጀመሪያ የሚታይ ቦታ ላይ ሱቅ ተከራዩ» ይላሉ። ለጥገና ውል ሱቅ ምን ያደርጋል? ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ፣ ዳቦ ቤት ኤሌክትሪሻን ፍለጋ ገበያ አይወጣም፤ የሚያውቀውን ሰው ነው የሚጠይቀው። የኪራዩን ገንዘብ ደህና ክላምፕ ሜትርና የሙቀት መለኪያ ግዙበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የመጀመሪያው ውሌ ከአንድ ፔንሲዮን ጋር ነበር። ክፍሎቹ ኤሲ፣ ቲቪና ትንሽ ፍሪጅ አላቸው። ውሉን ያዘጋጀው የድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው። «ባለሙያው ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ብልሽት በኃላፊነት ይጠግናል» ይላል። ከመፈረሜ በፊት ባለቤቱን «ጋሼ፣ ዋናውን ፓኔል ከፍቼ ልየው፤ ለሁለት ሰዓት መብራት ይጥፋልኝ» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንግዳ አለ፣ አይሆንም፤ ደግሞ እስከዛሬ ምንም አልሆነም» አሉኝ። ነገሩ በቃል ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማታ ላይ ተደወለ። አንደኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ ደብዝዟል፣ ኤሲውም ለመነሳት ያጓራል። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አምፖሉ ከልክ በላይ ያበራል፤ ቲቪዎች ጭስ ሸትተው ጠፍተዋል። ይህን ስትሰሙ በስልክ የምትሰጡት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ «ዋናውን ብሬከር አጥፉት፣ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።» ከፊሉ ቤት ደብዝዞ ከፊሉ ከደመቀ ኒውትራል ተቋርጧል ማለት ነው።

ደርሼ፣ የሚያሳስበውን ጭነት ሁሉ አስነቅዬ፣ ለአፍታ አብርቼ ለካሁ። በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ነው፣ ምንም አልተነካም። በፌዝና በኒውትራል መካከል ሦስቱም 220 አካባቢ መሆን ነበረባቸው። ያገኘሁት ግን አንዱ 120፣ ሌላው 290፣ ሦስተኛው 277 ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሦስቱ ፌዞች ጭነታቸው እኩል ሲሆን ኒውትራሉ ላይ ብዙ አይሄድም። እኩል ሳይሆን ሲቀር ልዩነቱን ተሸክሞ የሚመልሰው ኒውትራል ነው። እሱ ሲቋረጥ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ዕቃ በሌላው ፌዝ ላይ ካለው ዕቃ ጋር ተያይዞ 380ውን ይካፈላል፤ ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ብዙ ኤሲ የተጫነበት ፌዝ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጥቂት አምፖልና ቲቪ ብቻ ያለበት ወደ ላይ ይወጣል። ብሬከሩ ለምን አልወደቀም ብሎ የሚጠይቅ አለ። ብሬከር የሚያየው አምፔርን ነው፤ እዚህ የበዛው ቮልቱ ነው። ስለዚህ ቲቪው እየተቃጠለ ብሬከሩ ዝም ብሎ ይቆማል።

የተቋረጠው ዋናው ፓኔል ውስጥ ነበር። ከቆጣሪው የሚመጣው ወፍራም ኬብል አሉሚኒየም ነው። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው የኬብል ጫፍ በሚጨመቅበት ተራ ካፖኮርዳ ከመዳቡ ባር ጋር በቀጥታ አስሮታል። አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ ወዲያው ስስ ዝገት ያወጣል፤ ያ ዝገት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ቀን ኤሲ ሁሉ በርቶ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ በየቀኑ ጥቂት ይላላል። የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ የጋለው የባሰ ይላላል። ስከፍተው የኒውትራሉ ካፖኮርዳ ጠቁሯል፣ የኬብሉ ፕላስቲክ ቀልጦ ተጣብቋል።

በማግስቱ አበላሽቷል የተባልኩት እኔ ነኝ። «በወር የምንከፍልህ እንዲህ እንዳይሆን አይደለም ወይ?» አሉ። የተቃጠሉትን ቲቪዎችና ፍሪጆች ዋጋ አስልተው ደብዳቤ ጻፉ፣ ያላለቀውንም የወር ክፍያዬን ያዙ። ፓኔሉን እንድከፍት የከለከሉኝ ራሳቸው መሆናቸውን ስናገር «የት ተጽፏል?» ተባልኩ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የሚያነቡት ወረቀት «ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ብልሽት» ይላል። የተያዘው ክፍያ ለዕቃው ካሳ ይሁን፣ ሌላውን ይተዉለት ብለው ጨረሱ። አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል። የጥፋቱ ባለቤት ከኔ በፊት የሠራው ሰውና ለሁለት ሰዓት መብራት ማጥፋት የከበደው ባለቤት ነበሩ፤ የከፈልኩት ግን እኔ።

ከዚያ ወዲህ ውል የሚጀምረው ከመግቢያ ምርመራ ነው። ለብቻው ይከፈልበታል፣ ከወር ክፍያው ጋር አይደባለቅም። «ነፃ ምርመራ አድርጉና ደንበኛ ሳቡ» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። ነፃ የሆነውን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚከፍል ሰው ሪፖርቱን ያነባል።

ምርመራው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ጭነት ባለበት ሰዓት፣ ማታ ኤሲው ሁሉ ሲበራ ነው። የሙቀት መለኪያውን በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ አደርጋለሁ። የድሬ ሙቀት ስለሚያሳስት ቁጥሩን ብቻውን አላምንም፤ ከጎን ካለው ጋር አወዳድራለሁ። ተመሳሳይ ጭነት የተሸከመ ጎረቤቱን በ10 ዲግሪ የሚበልጥ ማሰሪያ ካለ ይከፈታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይህ መለኪያ ይዋሻል፣ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። መብራቱ በጠፋበት ሰዓት ጥቁር ናስትሮ ቁራጭ ለጥፉበትና በኋላ እሱን ለኩ። ጭነት ባለበት ፓኔል ውስጥ ናስትሮ ለመለጠፍ እጅ አይገባም። በክላምፕ ሜትር ደግሞ የሦስቱን ፌዝና የኒውትራሉን አምፔር እመዘግባለሁ፤ አንዱ ፌዝ ብቻውን ተሸክሞ ከሆነ ክፍሎቹን እንደገና ማከፋፈል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክፍል ዋናው ጠፍቶ፣ ተቆልፎ፣ በቴስተር መሞቱ ተረጋግጦ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ተጋብቶ ካገኘሁ ግማሹ አሉሚኒየም ግማሹ መዳብ በሆነ ካፖኮርዳ እተካዋለሁ። የኬብሉን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ ዝገት የሚከላከለውን ቅባት ቀብቼ፣ በመጭመቂያ አስራለሁ። በመዶሻና በፒንሳ የተጨመቀ ካፖኮርዳ ዞሮ መላላቱ አይቀርም።

ብዙ ኤሌክትሪሻን፣ ያስተማሩኝም ጭምር፣ «በየወሩ ሁሉንም ብሎን አጥብቅ» ይላሉ። አሉሚኒየም ላይ ይህን አላደርግም። ለስላሳ ብረት ነው፤ ደጋግማችሁ ስታጠብቁት ይደፈጠጣል፣ ከብሎኑ ሥር ይሸሻል፣ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። አምራቹ የጻፈውን ልክ በመለኪያ ቁልፍ አንዴ አጥብቁ፤ ከዚያ ሙቀቱን ለኩ። የሞቀውን ብቻ ክፈቱ።

ሪፖርቱ ከፎቶ ጋር በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። እንዲቀየር ብዬ ባለቤቱ «ይቆይ» ያለው ነገር ካለ ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል፣ ይፈርምበታል። አንዳንዱ ሲፈርም ሐሳቡን ቀይሮ «እሺ አቦ፣ ሥራው» ይላል። ውሉም ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ በየወሩ ሁለት የታቀደ ጉብኝትና አንድ የድንገት ጥሪ በክፍያው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥሪና ሌሊት የሚደረገው ለየብቻ ይከፈላል። ዕቃ ደንበኛው ይገዛል ወይም በደረሰኝ ይተካልኛል። ከቆጣሪው ወዲያ በመብራት ኃይል በኩል ላለው፣ በምርመራው ተነግሮ ላልተሠራው፣ ሌላ ሰው ለነካው ኃላፊነት የለብኝም። ዕቃ ቢቃጠል ካሳው በእኔ ሥራ ጉድለት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ሦስት ፌዝ ላለው ደንበኛ ሁሉ ደግሞ የቮልት መቆጣጠሪያ ሪሌ ከኮንታክተር ጋር እንዲገባ እጠይቃለሁ። ቮልቱ ከተወሰነው ሲወጣ ወይም ሲወርድ ሁሉንም ያጠፋል። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሦስቱን ፌዝ ብቻ የሚያይ ነው። ለሞተር ጥሩ ነው፤ ለኒውትራል ግን ዕውር ነው፤ እንዳያችሁት ኒውትራል ሲቋረጥ በፌዝ መካከል ያለው 380 አይነቃነቅም። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙ፤ የኒውትራል ማስገቢያ ያለውን፣ የእያንዳንዱን ፌዝ ቮልት ከኒውትራል ጋር የሚለካውን ነው የምትፈልጉት። ከገጠማችሁት በኋላ የኒውትራል ሽቦውን ከራሱ ከሪሌው ላይ ነቅላችሁ አትፈትኑት፤ የላይኛውን የቮልት ልክ ለጊዜው ዝቅ አድርጉና ኮንታክተሩ ሲለቅ እዩ። ከዚያ መልሳችሁ 250 አካባቢ አስቀምጡት፤ ቀኑንም ከሪፖርቱ ጋር ጻፉ።