0.25 ላይ የቆመው ሎስ

ዛሬ ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ ሳሰለጥን ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ 0.25። አሁን ስለገባኝ ሳልተኛ ልጻፈው፣ ጠዋት ላይ እንደዚህ ጥርት ብሎ ላይታየኝ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተከራየሁበት ቤት ደረጃ ላይ አንድ አምፖል አለ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ሁለት ነው፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። ከታች አብርተህ ወጥተህ ከላይ ታጠፋዋለህ። ሁለቱም ወደ ታች ከሆኑ አምፖሉ ጠፍቷል፣ አንዱ ብቻ ወደ ላይ ከሆነ ይበራል፣ ሁለቱም ወደ ላይ ከሆኑ እንደገና ይጠፋል። ኤክስኦር የሚሉት ይሄንኑ ነው። አራት ረድፍ ዳታ ብቻ፣ መልሱ በተራ 0፣ 1፣ 1፣ 0። እና እኔ ይሄን ለማስተማር የሰራሁት ኔትወርክ ይሄ ነበር፦

```python
model = nn.Sequential(
    nn.Linear(2, 8),
    nn.Linear(8, 8),
    nn.Linear(8, 1),
)
```

ሎሱ (የስህተቱ ስኩዌር አማካይ ነው የተጠቀምኩት) መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ወረደ፣ ከዛ 0.25 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ለርኒንግ ሬቱን ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ 8 የነበረውን 64 አደረግኩት፣ አንድ ሌየር ጨመርኩ፣ አምስት ሺህ ዙር አስኬድኩት፣ ያው 0.25። በጣም የገረመኝ አለመማሩ ሳይሆን ሁልጊዜ እዛው ቁጥር ላይ መቆሙ ነው፣ ምክንያቱም ትሬኒንግ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በተለያየ መንገድ ነው የሚበላሸው፣ ይሄ ግን የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ነው የሚመስለው።

በመጨረሻ ሎሱን ማየት ትቼ ውጤቱን ራሱን ፕሪንት አደረግኩት። አራቱም ረድፍ ላይ 0.5። እዚህ ጋር ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው። መልሱ 0 ወይ 1 ሆኖ ሁሌ 0.5 ካልክ በእያንዳንዱ ረድፍ በግማሽ ትሳሳታለህ፣ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ 0.25። ኔትወርኩ የሚችለውን ትንሹን ስህተት አግኝቶ ነው የቆመው፣ ከዛ በታች መንገድ የለውም።

ለምን የለውም? ወረቀት ላይ አወጣሁት፣ ከጠበቅኩት በላይ አጭር ነው። አንድ ሊኒየር ሌየር y = w1*x1 + w2*x2 + b ነው፣ x1 እና x2 ሁለቱ ማብሪያዎች ናቸው፣ ወደ ታች 0 ወደ ላይ 1። ሁለቱም 0 ሲሆኑ የሚሰጠው b ነው፣ ሁለቱም 1 ሲሆኑ w1 + w2 + b፣ ሁለቱ ሲደመሩ w1 + w2 + 2b። አሁን ሌሎቹን ሁለት ረድፎች ደምር፣ አንዱ w2 + b ሌላው w1 + b፣ ድምሩ እንደገና w1 + w2 + 2b። ማለት አራቱን ረድፎች የካሬ አራት ማዕዘኖች አድርገህ ብትስላቸው፣ ዌይቶቹ w1 እና w2 ምንም ይሁኑ ምን የሁለቱ ሰያፎች ድምር እኩል ነው። አምፖሉ ግን በአንዱ ሰያፍ 0 + 0 በሌላው 1 + 1 ነው የሚለው። 0 ከ 2 ጋር እኩል ይሁን ማለት ነው እንግዲህ፣ ይሄን ደግሞ የትኛውም ትሬኒንግ አያመጣውም። መጨረሻው ላይ ማንኛውንም ቁጥር 0 እና 1 መሀል የሚያስገባ ሲግሞይድ ብትጨምርም ያው ነው፣ ከግማሽ በላይ መሆን ያለባቸው ሁለቱ እና በታች መሆን ያለባቸው ሁለቱ ወደ ሲግሞይዱ ከመግባታቸው በፊት ያው እኩል ድምር አላቸው፣ ስለዚህ ሎሱ በክሮስ ኢንትሮፒ ሲለካ 0.25 መሆኑ ቀርቶ 0.693 ላይ ይቆማል እንጂ።

እሺ ይሄ የአንድ ሌየር ነው፣ የኔ ግን ሶስት ነበር። እሱም ቢሆን በአንድ ቁጥር ብትሞክረው ይታያል፣ መጀመሪያ 2x + 1 አድርገህ ውጤቱን በ 3 አባዝተህ 4 ብትቀንስ 6x - 1 ነው፣ ሁለት እርምጃ ሄደህ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። በማትሪክስም እንደዛው ነው፣ የሁለት ማትሪክስ ብዜት አንድ ማትሪክስ ነው። ኔትወርኬ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ቆጠርኩ፣ 24 እና 72 እና 9፣ በድምሩ 105። እነዚህ 105 ቁጥሮች ተባዝተው ተደምረው የሚቀረው w1፣ w2 እና b ብቻ ነው፣ ሶስት ቁጥር። ሶስት ሰዓት ሙሉ ያቺኑ መስመር ነበር የማሰለጥነው።

ከዛ በእጄ አንድ ሰራሁ፣ እዚህ ላይ ነው ልቤ የቀረው። ሁለት የተደበቁ ኒውሮኖች፣ የመጀመሪያው x1 + x2፣ ሁለተኛው x1 + x2 - 1፣ ውጤቱ የመጀመሪያው ሲቀነስ የሁለተኛው እጥፍ። ምንም ሳልጨምር ሳሰላው በተራ 2፣ 1፣ 1፣ 0 ሰጠኝ። ተመልከት፣ ሶስቱ ትክክል ናቸው! የተሳሳተው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው፣ የተሳሳተውም እዛ ላይ ሁለተኛው ኒውሮን -1 ስለሚሆን፣ ሲቀነስ ደግሞ 2 ሆኖ ስለሚደመር ነው። አሁን ሁለቱም ላይ ሬሉ አድርግ፣ ሬሉ ማለት ከዜሮ በታች የሆነውን ዜሮ ማድረግ ነው፣ ሌላ ምንም አይሰራም። ያ -1 ዜሮ ሆነ፣ ረድፉም 0 ሆነ፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0። በጠቅላላው ስሌት ውስጥ ሬሉ የነካው ያንን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የሰያፎቹን እኩልነት የሰበረውም እሱ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ቀጥ ያለ መስመር አንድ ቦታ ላይ ታጠፈ ማለት ነው፣ ድምሩ 1 ላይ ሲደርስ።

ኮዱ ላይ በመጀመሪያው እና በሁለተኛው ሌየር መሀል nn.ReLU() ጨመርኩ፣ ሎሱ 0.25ን አልፎ ወደ ዜሮ ወረደ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በእጄ ሁለት ኒውሮን ስለበቃኝ ትሬኒንጉንም በሁለት ልሞክር ብዬ ደጋግሜ አስነሳሁት፣ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ግን 0.125 ላይ ቆመ። አሁንም ፕሪንት ሳደርገው 0.5፣ 0.5፣ 1፣ 0 ነው። ያኔ ሁለቱም ኒውሮኖች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ከዜሮ በታች ናቸው፣ ሬሉ ዘግቷቸዋል፣ በተዘጋ ሬሉ ደግሞ ግራዲየንት፣ ማለት ዌይቶቹ ወዴት ይቀየሩ የሚለው ምልክት፣ አያልፍም። ለነዚያ ረድፎች የቀረው የመጨረሻው ሌየር ባያስ b ብቻ ነው፣ አንዱ ወደ 0 አንዱ ወደ 1 እየጎተተው መሀል ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁለት ይበቃል ማለት መልሱ አለ ማለት እንጂ ከየትኛውም መነሻ ይደረስበታል ማለት አይደለም። 8 ሳደርገው ቢያንስ አንዱ ኒውሮን ክፍት ሆኖ ስለሚገኝ ይመስለኛል ዛሬ ባስነሳሁት ቁጥር ሁሉ ተሳካ።

ልተኛ ስል ደረጃው ላይ ሶስተኛ ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖርስ ብዬ አሰብኩ። ድምሩን s ብለን፦

relu(s) - 2*relu(s-1) + 2*relu(s-2)

s ከ 0 እስከ 3 ሲሄድ 0፣ 1፣ 0፣ 1። ሌላ ማብሪያ ሲጨመር ሌላ አንድ እጥፋት።