እትዬ በላይነሽ ባትሪውን ያነሱበት ትዕይንት

የሬዲዮ ድራማ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ታሪኩ ሦስት የማይገጥሙ ሰዎች አንድ የቤት ካርታ ከአራጣ አበዳሪ ካዝና ሲሰርቁ ነው። እትዬ በላይነሽ ቡና ሻጭ ናቸው፤ ካርታው የእሳቸው ነው። ጋሽ ሙሳ ቁልፍ ሠሪ፣ ሚኪ ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ሥራው «ከመንጋቱ በፊት» ማለቅ ነበረበት። በንባብ ልምምዱ ቀን አዘጋጁ የሁለት ትዕይንቶችን ቦታ አቀያየረና እንደገና አስነበበን። ምንም አልተበላሸም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ የትኛው ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ደግሞ አድማጩ አያውቅም። ትዕይንቶቹ ከሰዓቱ ጋር አልተያያዙም።

ስለዚህ ደቂቃ መቁጠር ጀመርኩ። «አርባ ደቂቃ ቀረን»፣ «ሃያ ቀረን» የሚል ንግግር ሰባት ቦታ ላይ አስገባሁ። ይሄኛው የባሰ ሆነ። ሰዎቹ ዜና አንባቢ መሰሉ፤ ደግሞም ስድስት ደቂቃ ሙሉ ካወሩ በኋላ «ሁለት ደቂቃ ሄደብን» ይሉ ነበር። አድማጭ ሂሳቡን በጆሮው ይሠራል፤ አንዴ ከዋሸነው ቀጥሎ የምንለውን ሰዓት አያምንም።

በሦስተኛው ረቂቅ ነገሩን ወደ እሑድ ጠዋት አመጣሁት። አበዳሪው ቅዳሴ አያስታጉልም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ካዝናው ያለበት መስኮት አልባ ክፍል ድረስ ይሰማል። እትዬ በላይነሽ ሥርዓቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፣ ጋሽ ሙሳ አያውቁትም፣ ሚኪ ስልኩን ብቻ ያያል። አለመግጠማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ጋሽ ሙሳ ያልተቀረጸ ቁልፍ ከተው ይጠመዝዛሉ፣ አውጥተው ጭረቱ ያረፈበትን ቦታ በባትሪ ብርሃን ይፈልጋሉ፣ በሞረድ ይስላሉ፣ መልሰው ይከታሉ። ባትሪውን የያዙት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

«እትዬ፣ የት ደረሱ?»

«ግብረ ሐዋርያት ላይ ናቸው። ወንጌል ቀርቧል።»

ወንጌሉ ሲጀመር ቀጥ ብለው ቆሙ። ብርሃኑ ከቁልፉ ላይ ተነሣ። ሞረዱ ቆመ።

«እትዬ፣ ባትሪው!» አለ ሚኪ።

መልስ የለም። ወንጌል እየተነበበ ነው።

በቀረጻው ላይ ያን ዝምታ ወደ ሃያ ሰከንድ አስረዘምነው፤ ከማጉያው ድምፅ በቀር ሌላ ምንም አይሰማም። በድራማው ውስጥ ከሁሉ ቀርፋፋው ቦታ እሱ ነው፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀውም እሱው ነው፤ ምክንያቱም ጊዜውን የሚበላው የሴትዮዋ ማንነት ነው። ከ12ቱ ትዕይንቶች አራቱን የቆረጥኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ አራቱም ቅዳሴው የትም ቢደርስ ግድ የማይሰጣቸው ነበሩ።

የአበዳሪው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ የአምስት ደቂቃ መንገድ እንደሆነ በመጀመሪያው ትዕይንት አስነግሬ ነበር። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ካዝናው ገና አልተከፈተም። ከዚያ ወዲያ ማንንም ደቂቃ አላስጠራሁም።