ይሄ ኳስ ነው ፊኛ?

አንዲት ኳስ ሦስት ሌሊት በልታብኛለች። ሥራው የአንድ ሱቅ አጭር የአኒሜሽን ማስታወቂያ ነበር፤ ኳሷ ከ1.2 ሜትር ትወድቃለች፣ እየነጠረች ትሄዳለች፣ በቃ። ባለሱቁ አይቶ «ይሄ ኳስ ነው ፊኛ?» አለኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነበር።

ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ላይ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሠራሁት። ፍሬም 1 ላይ ከፍታው 1.2፣ ፍሬም 13 ላይ ዜሮ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ነገር ግማሽ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት 12 ፍሬም ልክ ነው። ታዲያ ለምን ትንሳፈፋለች?

ሞኝነቴ እዚህ ጋ ነው። በየሁለት ፍሬሙ ኪፍሬም፣ ማለትም ኳሷ በዚያ ፍሬም የት እንደምትሆን የሚወስን ነጥብ፣ እየጨመርኩ በዓይኔ ላስተካክል ሞከርኩ። ኳሷ እየተንገጫገጨች መውረድ ጀመረች። በንዴት የጨመርኩትን አጥፍቼ፣ `T` ተጭኜ `Linear` አደረግኩት። አሁን ደግሞ እንደ ሊፍት ወረደች።

`Graph Editor` የከፈትኩት በሦስተኛው ሌሊት ነው። እስከዚያ ድረስ የሒሳብ ደብተር እየመሰለኝ እሸሸው ነበር። አግድሙ ጊዜ ነው፣ ሽቅቡ ከፍታ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፍጥነት፣ ከተኛ ዝግታ። የእኔ የከፍታ መስመር፣ `Z Location`፣ መሬቱ ጋ ሲደርስ ተጋድሟል! ኳሷ ከሁሉም በላይ መፍጠን ባለባት ቅጽበት ፍሬን ትይዛለች ማለት ነው። የሚያስተኛው `Auto Clamped` ነው፤ ሳትነኩት የሚመጣው ቅንብር።

መሬት የነካውን ኪፍሬም መርጬ `V`፣ ከዚያ `Vector` አልኩ። መስመሩ ሹል ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ እኔ ግን አልበቃኝም። መስመሩን የሚያጎብጠው የግራው እጀታ ጫፍ ፍሬም 9 ላይ 0.4 ነበር፤ ወደ ላይ ጎትቼ 0.8 አደረስኩት። የከፍታው ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው። የላይኛውን ኪፍሬም እንደተኛ ተውኩት፤ ኳስ አናት ላይ መዘግየት አለባት።

ልክ መሆኑን የማውቀው ፍሬም 7 ላይ ነው። ግማሽ ጊዜ ሲያልፍ ኳሷ ገና 0.9 ሜትር ላይ መሆን አለባት። በፊኛውም በሊፍቱም ጊዜ 0.6 ላይ ነበረች። `Vector` ብቻውን 0.75 አካባቢ ያደርሳታል።

ወደ ፊት የምትሄድበት `Y Location` ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በየነጠረችበት በዓይኔ ኪፍሬም ስላስቀመጥኩ ፈጠን፣ ዘግየት፣ ፈጠን፣ ዘግየት ትላለች። የመሃሎቹን አጥፍቼ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ `Linear` አደረግኩ። `Linear` እዚህ ቦታው ነው።

`T` ስትጫኑ `Bounce` የሚል አማራጭ ይመጣል። አትንኩት። ንጥረቱን ራሱ ይቆጥርላችኋል፤ ባለሱቁ «ሁለተኛዋን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ሲላችሁ የምትይዙት ኪፍሬም የለም።