የ30 ሰከንዱ ማስታወቂያ

ዛሬ የዋልኩት አንድ የሰፈር ፋርማሲ በሬዲዮ በሚያስነግረው ማስታወቂያ ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት ይዘጋ የነበረው አሁን እስከ 5 ሰዓት ሊሠራ ነው። ረቂቁ ጮክ ተብሎ ሲነበብ 44 ሰከንድ ፈጀ። አንባቢውን ማስሮጥ አልፈለግኩም፤ አድማጭ ሰዓቱን ካልያዘ ምን ዋጋ አለው? የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና ስልክ ቁጥሩን አወጣሁ (መኪና እየነዳ ቁጥር የሚጽፍ የለም)፤ አዲሱን ሰዓት ግን መግቢያውም መዝጊያውም ላይ አስገባሁት።

«ልጅዎን ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢያተኩሰው፣ ፋርማሲያችን ክፍት ነው። በየቀኑ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት!»

ከመቀረጹ በፊት ለፋርማሲው ባለቤት ደወልኩ። እሁድ የሚዘጉት እንደ ድሮው 2 ሰዓት ላይ ነው አለችኝ። ታማሚ ይዞ የመጣ ሰው የተዘጋ በር እንዳይጠብቀው፣ «በየቀኑ» ወጥቶ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ» ገባ። ሙሉው ሲነበብ 28 ሰከንድ ሆነ።